«ጌሚንግ ፒሲ» እየተባለ የሚሸጠውን ባለ አራት ኮር ኮምፒውተር ለምትገዙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ

በጅማ ከተማ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርድ ገጥሞ፣ ባለ መብራት ቬንቲሌተር ጨምሮ «ጌሚንግ ፒሲ» በሚል ስም መሸጥ እየተለመደ መጥቷል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንዲህ ያሉ ዕቃዎች በሙሉ የማይረቡ ናቸው ለማለት አይደለም። ከእነዚህ መካከል አንዱ ዓይነት፣ ማለትም የስድስተኛው ወይም የሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ያለበት፣ ሻጩ ፊት ሲሞከር ደህና መስሎ ቤት ሲገባ የሚያስቸግር በመሆኑ፣ ምክንያቱን ገዢዎች ከመክፈላቸው በፊት እንዲያውቁት ነው። ችግሩ ጌሙ አለመከፈቱ አይደለም። ጌሙ ይከፈታል፣ ብቻውን ሲሆንም ይሠራል፤ የሚቆራረጠው ተጠቃሚው እንደ ልማዱ ክሮምን ከኋላ ከፍቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር በዲስኮርድ እያወራ ሲጫወት ነው።

በቅርቡ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር የአክስቴ ልጅ ዕቃ እንድመርጥለት ለምኖኝ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ አብሬው ሄጄ ነበር። የቀረበለት ኮምፒውተር ኮር አይ5 7500 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ኤስኤስዲ እና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የተባለ ባለ 6 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ አለው። የተጠየቀው ዋጋ ያው ኮምፒውተር ያለ ካርዱ ከሚሸጥበት ከእጥፍ በላይ ነበር። ሻጩ ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ ሊያታልል አስቦ ነው ብዬም አልናገርም። ደጋግሞ ያለን ግን፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኳድ ኮር ነው፣ የማይጫወተው ጌም የለም» የሚል ነበር። ማረጋገጫ እንዲሆነን ሳይበርፐንክ 2077ን ከፈተልን። በስክሪኑ ጥግ ያለው ቆጣሪ በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ፍሬም ያሳያል፣ ምስሉም ያምራል፤ የአክስቴ ልጅ እጁን ወደ ኪሱ ሊሰድ ምንም አልቀረውም።

ሻጩን አስፈቅደን የስልካችንን ኢንተርኔት አገናኘን፣ በክሮም አንድ ቪዲዮ አስጀመርን፣ በዲስኮርድም የድምፅ ጥሪ ከፈትን። ከዚያ ወደ ጌሙ ተመልሰን ሰው በተጨናነቀበት ገበያ ውስጥ በእግር፣ ቀጥሎም በከተማው ጎዳና በመኪና በፍጥነት ተጓዝን። ቆጣሪው ብዙም አልወረደም፤ ከ45 እስከ 50 አካባቢ ነበር። ነገር ግን መኪናው መንገድ በታጠፈ ቁጥር ስክሪኑ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፣ ማውሱ ዘግይቶ ይታዘዛል፣ በጥሪው ላይ ያለው ጓደኛውም ድምፁ እንደሚቆራረጥ ይነግረናል። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ሳለ ግራፊክስ ካርዱ በ60ዎቹ መካከል ይዋልላል። ብዙ ገንዘብ የተጠየቀበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ቆጣሪው ደህና እያለ ዓይን ለምን ይረበሻል የሚለውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊሰከንድ ቢወጡ 750 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ። የቀሩት 250 ሚሊሰከንዶች በሁለት ፍሬሞች ብቻ ቢያልቁ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም 125 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ቆጣሪው «52» ብሎ ይጽፋል። ተጫዋቹ የሚያየው ግን በየሰከንዱ ሁለት ጊዜ የሚደነቃቀፍ ጌም ነው። ስለዚህ አማካይ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል፤ መታየት ያለበት በጣም የዘገዩት ፍሬሞች ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰዱ ነው፣ ይህንንም ብዙ ቆጣሪ ፕሮግራሞች ወደ ፍሬም በሰከንድ ቀይረው «1% low» ብለው ያሳያሉ።

መዘግየቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮር አይ5 7500 አራት ኮርና አራት ትሬድ ብቻ አለው፤ በማንኛዋም ቅጽበት ከአራት ሥራ በላይ አይሠራም። የአሁኖቹ ትልልቅ ጌሞች ደግሞ የአንዱን ፍሬም ሥራ፣ የሰዎቹን እንቅስቃሴ፣ ከዲስክ የሚመጣውን የከተማ ክፍል መፍታት፣ ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዝ ማዘጋጀትና የመሳሰለውን፣ ባሉት ኮሮች ሁሉ ላይ ያከፋፍላሉ፤ ፍሬሙም የሚወጣው ሁሉም ሲጨርሱ ነው። ክሮም ለቪዲዮው፣ ዲስኮርድም ድምፅ ለማጥራት ከአራቱ አንዱን ለጥቂት ሚሊሰከንድ ሲወስዱ፣ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ አንዱ ስልክ ለማንሳት ቢቆም ሦስቱም አብረው እንደሚቆሙት፣ የቀሩት ኮሮች ድርሻቸውን ጨርሰው ይጠብቃሉ። በመኪና በፍጥነት ሲነዳ የባሰው፣ አዲስ ሰፈር ከዲስክ ወጥቶ የሚፈታው በዚያን ሰዓት ስለሆነ ነው። ኤስኤስዲው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ የመጣለትን የሚፈታው ይኸው ፕሮሰሰር ነው።

ሻጩ «ሴቲንጉን ዝቅ አድርጉት» ብሎን ነበርና ይህንንም ሞክረናል። የስክሪኑን ጥራት ከ1080 ወደ 720 ስናወርድ ቆጣሪውም መቆራረጡም አልተለወጠም። ይህ ሙከራ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል፤ ጥራት ሲወርድ የሚቀለው የግራፊክስ ካርዱ ሸክም ስለሆነ፣ ለውጥ ካልመጣ ያነቀው ፕሮሰሰሩ ነው። ትንሽ ያቃለለው በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የሕዝቡን ብዛት መቀነስ ሲሆን፣ እሱም መቆራረጡን አሳነሰው እንጂ አላጠፋውም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፦ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ የበለጠ ውድ ካርድ መግጠም ለመቆራረጡ መድኃኒት አይሆንም።

ሁለተኛው የሻጮች መከራከሪያ «ሰባተኛ ትውልድ ነው፣ ከስድስተኛው ይበልጣል» የሚል ነው። የሳይበርፐንክ 2077 አዘጋጆች ከ2.0 ማሻሻያ ወዲህ ዝቅተኛ ብለው ያስቀመጡት የኢንቴል ፕሮሰሰር ኮር አይ7 6700 ነው። ይህ ከ7500 የቀደመ ትውልድ ቢሆንም፣ አራት ኮሮቹ ስምንት ትሬድ ስላላቸው አንዱ ሥራ ሲጠብቅ ሌላው በዚያው ኮር ላይ ይቀጥላል። ሁለቱም «ኳድ ኮር» ይባላሉ፤ ክሮምና ዲስኮርድ ተከፍተው ሲሞከሩ ግን ልዩነታቸው ይታያል። ለእኔ ዛሬ በአራት ኮር መጫወት የሚቻል ከሆነ በስምንት ትሬዱ ነው፣ ያውም ያለ ትልቅ ተስፋ። ባትልፊልድ 6ን የመሳሰሉት ደግሞ ዝቅተኛውን መስፈርት ኮር አይ5 8400 አድርገውታል፤ እሱ ስድስት ኮር አለው።

ከሁሉም በላይ ልትጠነቀቁበት የሚገባው «ግድ የለም፣ በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ወደ ስምንተኛ ትውልድ ትቀይሩታላችሁ» የሚለው ቃል ነው። የስድስተኛው፣ የሰባተኛውና የስምንተኛው ትውልድ መቀመጫ ስሙ አንድ ዓይነት፣ LGA1151፣ ስለሆነ ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ፕሮሰሰሩም በቦታው ይቀመጣል። ሆኖም የቀድሞዎቹ ማዘርቦርዶች ስምንተኛውን ትውልድ እንዲቀበሉ ስላልተሠሩ ኮምፒውተሩ አይነሳም። በዚያ ማዘርቦርድ ላይ የሚቀረው ተገቢ ማሻሻያ ኮር አይ7 7700 ወይም 6700 ነው፤ ዋጋውን ከመግዛታችሁ በፊት አጠያይቁና በሒሳቡ ላይ ደምሩት።

በሱቁ ውስጥ ለማጣራት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። `Ctrl + Shift + Esc` ተጫኑ፣ `Performance` ከዚያም `CPU` የሚለውን ክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ ከግራፉ በታች ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይታያል፦

```
Cores: 4
Logical processors: 4
```

ሁለተኛው መስመር የትሬዱ ብዛት ነው፤ 8 ካለ ጥሩ፤ 4 ካለ ግን ይህ ሁሉ የተጻፈው ስለዚያ ኮምፒውተር ነው። በሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ። ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ይህ መስመር ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ ለምሳሌ ኮር አይ7 7500U ስሙ «አይ7» ይሁን እንጂ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ቀጥሎ ትልቁን ጌም፣ ቪዲዮ የሚያጫውት ክሮምና የድምፅ ጥሪ አንድ ላይ ክፈቱና ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተጫወቱ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች አትቁጠሩ፤ አንዳንድ ጌም ሲጀምር ሼደር የሚባሉትን ለግራፊክስ ካርዱ የሚሆኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች የሚያዘጋጅበት ጊዜ ስለሆነ ጠንካራ ፕሮሰሰርም ቢሆን ሊቆራረጥ ይችላል። ከዚያ በኋላም ካልቀነሰ የኮምፒውተሩ ባሕርይ ነው።

ይህን ፕሮሰሰር ቀድሞ የገዛ ሰው ዕቃውን መጣል የለበትም። ፍሬሙን በ40 ወይም በ30 ላይ መገደብ ፕሮሰሰሩ በየፍሬሙ መካከል እንዲተነፍስ ስለሚያደርግ፣ ከ50 ተቆራርጦ ከሚወጣው ይልቅ ለዓይን የተስተካከለ ይሆናል። ቪዲዮውን ወደ ስልክ፣ የድምፅ ጥሪውንም እንዲሁ ማዞር ብዙ ያቃልላል። ካውንተር-ስትራይክ 2 አራት ትሬድ ይበቃኛል የሚል ጌም ነው፤ ፕሮሰሰሩ የቆዩ ጌሞችንም ልብ እስኪያደርስ ያስጫውታል። ዊንዶውስን በተመለከተ ግን ሰባተኛው ትውልድ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ በዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ ሁለቱን ነገሮች ለዩዋቸው። ለኮምፒውተሩ ያለ ካርድ እንደ ማንኛውም ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ክፈሉ፤ ለካርዱ ደግሞ ብቻውን ቢሸጥ የሚያወጣውን፣ ምክንያቱም ነገ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ልታዛውሩት ትችላላችሁ። ከሁለቱ ድምር በላይ «ጌሚንግ» ለሚለው ስም የሚጠየቀው ጭማሪ መከፈል የለበትም። የአክስቴ ልጅ ይህንኑ ሒሳብ በወረቀት ጽፎ ለሻጩ አሳየው፤ ሻጩ ካርዱን ለብቻው ለመሸጥ ፈቃደኛ ስላልሆነ ዕቃው እዚያው ቀርቷል።