ቀለሙ ሙሉ፣ ወረቀቱ ባዶ፦ ከፕሪንተሬ ጋር አሥራ አራት ወር

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ የእድራችንን የስብሰባ ጥሪ ላትም ተቀመጥኩ። ፕሪንተሩ እንደ ወትሮው አጉረመረመ፣ ወረቀቱን ሳበ፣ አወጣው። ነጭ። አገላበጥኩት፣ በጀርባውም ነጭ። የቀለም ታንኮቹ ፊት ለፊቴ ናቸው፤ ጥቁሩ ከግማሽ በላይ አለ። ባለ ቀለም ገጽ ሞከርኩ። ሰማያዊውና ቀዩ በጣም ፈዘው፣ እንደ ተቀደደ መጋረጃ በመስመር በመስመር ተቆራርጠው ወጡ።

ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ በአንድ መስመር ልጨርሰው፦ አልበደለኝም። የልጄን የቤት ሥራ፣ ማመልከቻውን፣ ኮፒውን ሁሉ ሠርቶልኛል። ስገዛው ሻጩ «ጋሼ፣ ይኼ የታንክ ነው፣ ቀለሙ አይደርቅም» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ታንኩ ውስጥ ያለውስ እውነትም አልደረቀም። የደረቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ ነው ያልነገርከኝ።

ነገሩ የተበላሸው ጥቅምት ላይ ነው። እናቴ ታማ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ልሄድ ስል አንድ ሰነድ እያተምኩ መብራት ጠፋ። ቸኩዬ ስለነበር ሶኬቱን ነቅዬ ወጣሁ። የተመለስኩት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

ቀለሙ የሚወጣው ኖዝል በሚባሉ ቀዳዳዎች ነው። መቶዎቹ በአንድ ትንሽ ሳህን ላይ ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት ከፀጉር ውፍረት ሲሶ ገደማ ቢሆን ነው። ቀለሙ አብዛኛው ውሃ ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ያለው ጠብታ አየር ሲያገኘው ውሃው ይተናል፤ ቀለሙ ይወፍርና ይደርቃል፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ጥቁሩ ቀድሞ የጠፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ፕሪንተሮች ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ፒግመንት ነው፣ ማለትም በውሃው ውስጥ ያልሟሟ ደቃቅ ዱቄት። ሲደርቅ ከሌሎቹ ይብሳል።

ይህ እንዳይሆን ፕሪንተሩ የራሱ ክዳን አለው። በቁልፉ ስታጠፉት ኖዝሎቹን የተሸከመው የማተሚያው ራስ ወደ ቀኝ ጥግ ይሄድና ከታች የጎማ ክዳን ተነሥቶ ይገጥመዋል። ያቺ ከመጥፋቱ በፊት የምትሰማው ጉርምርምታ ይህችው ናት። መብራት በመሐል ሲጠፋ ግን የማተሚያው ራስ የቆመበት ይቀራል፣ አፉን ከፍቶ። የእኔ እንዲህ ሆኖ ነው ሰባት ሳምንት የከረመው። ያውም ደብረ ብርሃን ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር! ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይና ደረቅ ነፋስ። የእኛን ከንፈር የሚሰነጥቅ አየር ለቀለም ጠብታ ይራራል?

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ኮምፒውተሩ ላይ Maintenance የሚል ገጽ አለ። በውስጡ መፈተሻው Nozzle Check እና ማጽጃው Head Cleaning አሉ። እኔ የመጀመሪያውን ትቼ ሁለተኛውን ብቻ ደጋግሜ ተጫንኩ። በአንድ ምሽት ስድስት ጊዜ! ጥቁሩ ታንክ ዓይኔ እያየ ወረደ፤ ወረቀቱ ግን ያው ነጭ።

በማግሥቱ ወደ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጅቷ ታሪኩን ስትሰማ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጥቡት ነዋ ያደሩት» አለችኝ። ከዚያ ማጽጃው የሚሠራውን አስረዳችኝ። ለካስ ከውስጥ ውሃ የሚረጭ ነገር የለም። የጎማው ክዳን የማተሚያውን ራስ ይገጥማል፣ ከሥሩ ያለው ትንሽ ፓምፕ ደግሞ ቀለሙን በኖዝሎቹ በኩል ወደ ታች ይስባል። ቀጥሎ የጎማ መጥረጊያ አፉን ይጠርገዋል። የሚታጠበው በራሱ ቀለም ነው ማለት ነው። የተሳበው ቀለም ከፕሪንተሩ ሥር ወዳለ ስፖንጅ ይሄዳል። ፕሪንተሩ ይህን ይቆጥራል፤ ስፖንጁ ሞላ ብሎ ሲያስብ አላትምም ይላል። እኔ በአንድ ምሽት ስንቱን እንዳጠጣሁት እግዜር ይወቅ።

«መጀመሪያ ቼኩን ያትሙ» አለች። ቼኩ በአራቱ ቀለም የተሣሉ እንደ ደረጃ የሚወርዱ አጫጭር መስመሮች ናቸው። እያንዳንዷ መስመር አንድ ኖዝል ናት፤ የጎደለች ካለች ያ ቀዳዳ አይተፋም። ሁለት ጊዜ አሳተመችኝ፣ በመሐል አንድ ጊዜ ብቻ አጽድታ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «ክፍተቱ ቦታ ከቀየረ አየር ገብቷል ማለት ነው። እዚያው ቦታ ከቆየ ደርቋል።» የእኔ ጥቁር ንቅንቅ አላለም። ሰማያዊው ግን እዚህ ጎድሎ እዚያ ይሞላ ነበር። ለካስ ስድስቱ ማጽጃ አየር ጨምሮበታል።

አየሩ የገባበትንም አገኘችው። ክዳኑን ስታየው ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅርፊት ጋግሮበታል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ፓምፑ ቀለም ሳይሆን አየር ይስባል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጥቂት ጠብታ ዲስቲልድ ውሃ ክዳኑ ውስጥ አንጠባጠበች፣ አንድ ጊዜም ማጽጃውን አስኬደች። ውሃው ጠፋ። ቆሞ ቢቀር ፓምፑ ወይም ቱቦው ነው ችግሩ ትለኝ ነበር። ጠርዙን በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጠረገችው። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፣ ማዕድኑ ራሱ ይደፍናል። የመኪና ባትሪ አሲድማ በጭራሽ፤ አንዳንዱ ውሃ ነው ብሎ ያፈሳል።

ቀጥሎ ያለችኝ ደግሞ አስገረመኝ። «አሁን ይተዉት። ሌሊቱን ይደር።» ሲኒ ሥር የደረቀ ቡና በመፋቅ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ብትተዉት ግን ራሱ ይለሰልሳል። ኖዝሉም እንደዚያው ነው። ወደ አፉ የመጣው አዲስ ቀለም ሰዓታት ሲያገኝ የደረቀውን ያለሰልሳል። አየሩም በራሱ ጊዜ ይወጣል።

በነጋታው ማጽጃውን አንድ ጊዜ ብቻ አስኬድኩና ቼኩን አተምኩ። ጥቁሩ ሁለት እጁ ተመልሷል። ሌላ ሌሊት ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን አንዲት መስመር ብቻ ጎደለች፤ የእድሩም ጥሪ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ወጣ። እነሱ እስካሁን ይተርቡኛል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይድንም። የእኔ ፕሪንተር ራስ ቀለሙን በግፊት የሚተፋ ነው። ቀለሙን አፍልቶ በእንፋሎት የሚተፋ ዓይነት ደግሞ አለ። እሱን ቀለም ሳይደርሰው ደጋግማችሁ ካስተፋችሁት የማሞቂያው ክፍል ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ማጠቡ ዋጋ የለውም።

ልሸጠው ወስኜ ነበር። ሌዘር ልገዛ ዋጋ ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ቶነሩ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። ከዚያ የልጄን ባለ ቀለም ሥዕሎች አየሁና ተውኩት። በማግሥቱ መብራት ጠፋና እንደገና ሰደብኩት። አሁን መብራቱ ሲመለስ አበራዋለሁ፣ የማተሚያው ራስ ጥጉን እስኪይዝ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በቁልፉ አጠፋዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ቼኩን አትማለሁ። ልጄ ደረጃዎቹን ትቆጥርልኛለች። ባለፈው ሳምንት ሁሉም ሙሉ ነው ብዬ ላስቀምጠው ስል ወረቀቱን ቀምታኝ ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። በነጭ ላይ የማይታየኝን ቢጫ እሷ አየችው። «አባ፣ እዚህ ጋ አንዷ ጎድላለች» አለችኝ።