ከሃያ ደቂቃ ወደ አምስት፦ ሁሉን ማሳጠር ወይስ አንድ ነጥብ መምረጥ?

ጉባኤ በተቃረበ ቁጥር ጓደኞቼ የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የሃያ ደቂቃ ገለጻ አዘጋጅቻለሁ፤ የተሰጠኝ ግን አምስት ደቂቃ ነው። ምን ይሻላል?» ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ ያለውን ሁሉ ማሳጠር ነው። ሌላው ከገለጻው አንድ ነጥብ አውጥቶ በእርሱ ላይ አዲስ መሥራት ነው። ሦስተኛው ኢግናይት የሚባለው ስልት ነው፤ ሃያ ስላይዶች እያንዳንዳቸው በ15 ሰከንድ በራሳቸው ያልፋሉ። እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ በአብዛኛው ዋጋ ነው፤ እዚህ ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ በሰዓት ነው።

ማሳጠር ርካሽ ይመስላል። ሠላሳውን ስላይድ ወደ አሥራ ሁለት ለማውረድ አንድ ምሽት ይበቃል። ወጪው የሚመጣው ጥገናው ሲጀመር ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚህ አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ አሥራ አምስት እየተቆረጠ ሌላ ምሽት ይሄዳል። የሚቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ምሳሌውና አያያዥ ዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ተናጋሪው ጉዳዩን ስለሚያውቀው ያለ እነርሱም የሚገባ ይመስለዋል። በመጨረሻ የሚተርፈው የርዕስ ዝርዝር ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ገለጻ ለመለየት ቀላል ነው፦ በልምምድ ላይ «ይህን ለማብራራት ጊዜ የለኝም» የሚል ቃል ከአፍዎ ከወጣ፣ በእጅዎ ያለው አጭር ገለጻ ሳይሆን የረጅሙ የተጎዳ ቅጂ ነው። ፈጥኖ መናገርም አያድነውም፤ አድማጭ አዲስ ነገር የሚቀበለው በራሱ ፍጥነት ነው።

አንድ ነጥብ መምረጥ መጀመሪያ ላይ ውድ ነው፤ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የሃያ ደቂቃው ገለጻ አንድ የሽያጭ ድረ ገጽ ለምን ቀርፋፋ እንደነበረ ይናገራል እንበል። ድርጅቱን ያስተዋውቃል፣ የሥርዓቱን አሠራር በሥዕል ያሳያል፣ ሦስት መንስኤዎችን ይተነትናል፣ ውጤቱን ያቀርባል። እኔ ከሦስቱ መንስኤዎች አድማጩ ነገ በራሱ ሥራ ላይ ሊፈትሸው የሚችለውን አንዱን ብቻ እይዛለሁ፦ መቶ ትእዛዞችን የሚዘረዝረው ገጽ መጀመሪያ ዝርዝሩን ከመረጃ ቋቱ ይጠይቃል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ለማግኘት አንድ በአንድ መቶ ጊዜ ይመለሳል። በጠቅላላው 101 ጥያቄ ማለት ነው።

አሁን ሰዓቱን ላከፋፍል። አምስት ደቂቃ ተብሎ የሚሰጠው በእውነቱ አራት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ቀሪውን መድረክ መውጣትና ማይክሮፎን ማስተካከል ይበሉታል። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ቀርፋፋው ገጽ ይታያል፤ የድርጅቱ ታሪክ አይነሣም። በቀጣዮቹ 45 ሰከንዶች መጀመሪያ የተጠረጠረው ነገር፣ ለምሳሌ የኮምፒውተሩ አቅም፣ ይነገራል። ከዚያ ለመንስኤው ሙሉ 90 ሰከንድ እሰጣለሁ፤ 101ዱ ጥያቄዎች በአንድ ስላይድ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንድ ደቂቃ ለመፍትሔው ነው፦ የሁሉም ደንበኞች ስም በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ 101ዱ ወደ ሁለት ይወርዳል። የቀሩት 45 ሰከንዶች አድማጩ በራሱ ሥርዓት መዝገብ ላይ የአንድን ገጽ ጥያቄዎች እንዴት እንደሚቆጥር ያሳያሉ። ሁለቱ ሌሎች መንስኤዎች? በስም እንኳ አይጠሩም። ጓደኞቼ የሚከራከሩኝ እዚህ ላይ ነው፤ ግን «ሌሎችም ነበሩ» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር አድማጩን ከያዘው ነጥብ ከማውጣት በቀር ጥቅም የላትም።

የዚህ መንገድ ጥገናም ርካሽ ነው። ጽሑፉን አንድ ደቂቃ ያህል በተለመደው ፍጥነትዎ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ የተነበቡትን ቃላት ይቁጠሩና በአራት ተኩል ያባዙ። ጽሑፉ ከዚያ ከበለጠ፣ የሚቀነሰው ከተጠረጠረው ነገር ወይም ከመፍትሔው ነው፤ ከመንስኤው ምንም አይነካም።

ኢግናይት ከሦስቱ ውዱ ነው። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትረዝም ስላይዱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ከኋላው ሲሮጥ ያመሻል። አዘጋጆቹ ካላስገደዱ በቀር አልመክረውም። ማሳጠርም ቢሆን ቦታ የለውም አልልም፦ ረጅሙ ገለጻ በዚያው ጉባኤ በኋላ የሚቀርብ ከሆነ፣ አጭሩ ሰው ለመጥራት ብቻ ስለሚያገለግል አዲስ መሥራት አያስፈልግም።

መድረክ ላይ ሲወጡ አንድ ምልክት ብቻ ይያዙ፦ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ የመንስኤው ስላይድ ካልታየ፣ የተጠረጠረውን ነገር መሃል ላይ አቋርጠው ወደ እርሱ ይለፉ።