የሽንኩርት ሴልና የጉንጭ ሴል፦ ሥዕሉ ላይ ምን ይጻፋል?

ኑክሊየስ፣ ሳይቶፕላዝምና ማይቶኮንድሪያ ሁለቱም ሴሎች ውስጥ አሉ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዳር ነው።

የጉንጭ ሴል ዳር ላይ ያለው መስመር ሜምብሬን ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል። የሽንኩርቱ ግን ከሜምብሬኑ ውጭ የሴሉሎስ ግድግዳ አለው። ግድግዳው ቅርጽ ይሰጣል፣ ሴሉ ውሃ ሲጠጣም እንዳይፈነዳ ይይዘዋል። ችግሩ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ መስመር መምሰላቸው ነው። ለመለየት ወፈር ያለ የጨው ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ከሴሉ ሲወጣ ሜምብሬኑ ከግድግዳው ተላቆ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል። ቀይ ሽንኩርት ከሆነማ ቀለሙ ስላለ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በሽንኩርቱ መሃል ባዶ የሚመስለው ቦታ ቫኪዩል ነው። በውስጡ ውሃ፣ ስኳርና ጨዎች አሉ፤ ሴሉን ወጥሮ ይይዛል። ኑክሊየሱን ወደ ዳር የገፋውም እሱ ነው። የጉንጩ ኑክሊየስ አብዛኛውን ጊዜ መሃል አካባቢ ነው።

ክሎሮፕላስትስ? «ተክል ስለሆነ» ብላችሁ ሽንኩርቱ ላይ እንዳትጽፉ። ብርሃን ተጠቅሞ ምግብ የሚሠራው ክሎሮፕላስት ያለው አረንጓዴው ቅጠል ውስጥ ነው፤ አፈር ውስጥ የተቀመጠው የሽንኩርት ራስ የለውም። ማይቶኮንድሪያ ግን አለው፤ ተክልም ቢሆን ከምግቡ ጉልበት ማውጣት አለበት።