ፕሮፎርማ ልከው መልስ ሲጠፋ፦ ቴክስት ወይስ ኢሜይል?

ባሕር ዳር ጀልባ የሚያከራዩ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ፕሮፎርማ ልኬ ዝም አሉኝ። ቴክስት ላድርግ ወይስ ኢሜይል ልጻፍ?» እኔ የኢሜይል ወገን ነኝ። ቴክስት ለማንኳኳት ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። የአማርኛ ቴክስት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ከ70 ካለፈ ስልኩ ቆራርጦ ይልከዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ፊደል ይይዛል፣ ሂሳቡም በቁራጭ ነው። ስለዚህ የ200 ፊደል ማስታወሻ የ3 ቴክስት ያስከፍላችኋል። ኢሜይል ላይ እንዲህ ያለ ቆጠራ የለም። የአንድ ገጽ ፒዲኤፍ የሚበላው ዳታም ይህን ያህል አይደለም።

«ቴሌግራምም እኮ ርካሽ ነው» ትሉኛላችሁ። ነው፤ ግን ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የተጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። አንድ ደንበኛ በቻት የተስማማንበትን የጀልባ ዋጋ የክፍያ ዕለት አጥፍቶ ጠበቀኝ። በምን ልከራከር?

አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ለ20 ሠራተኞቹ የዘጌ ጉዞ ፕሮፎርማ ጠየቃችሁ እንበል። ሰኞ ላካችሁ፣ እስከ ሐሙስ ጠዋት መልስ የለም። አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ። ሰኞ የላካችሁትን ከፍታችሁ እዚያው ላይ መልሱ። ርዕሱን አትንኩት፤ ጂሜይል ላይ ርዕስ ከተቀየረ ለብቻው ይቀመጥና የግዥ ሠራተኛዋ የቀድሞውን ፍለጋ ትገባለች። ፕሮፎርማውን እንደገና አያይዙ፣ በመልስ ጊዜ ፋይሉ አብሮ አይሄድም። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና፣ ስንት ጀልባ እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ በ3 መስመር ጻፉ። ደንበኛው የውጭ ድርጅት ከሆነ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት፤ እነሱ ጠዋት 2 ሰዓት የሚሉት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

ኢሜይሉ ከሄደ በኋላ በሥራ ሰዓት ይቺን ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዘጌ ጀልባ ፕሮፎርማ ሰኞ በኢሜይል ልኬያለሁ። ደርሶዎታል?»

ከስማችሁ ጋር ከ70 አታልፍም። ዋጋ አልገባባትም፣ ሆን ተብሎ ነው። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ገብቶ ከሆነም የምታስፈልገው ይቺ ናት። ይህን ግን ቁጥሩን ራሳቸው ለሰጧችሁ ሰዎች ብቻ። ከሌላ ሰው ባገኛችሁት ስልክ ቴክስት ማድረግ ደንበኛ ያሸሻል።

ቴክስት ብቻውን የሚበቃው ጉዞው ነገ ሲሆን ነው። ጣና ላይ ነፋስ በርትቶ የመነሻ ሰዓት ከተገፋ ማን ኢሜይል ይከፍታል? ቴክስት አድርጉ፣ ካልመለሱ ደውሉ። ገንዘብ የሚነካ ለውጥ ካለ ግን፣ ለምሳሌ አንድ ጀልባ ከተቀነሰ፣ በዚያው ዕለት በዚያው ኢሜይል ላይ አስፍሩት።