ባላንስድ ወይስ አንባላንስድ? የድምፅ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ የሚያቋቁም ወዳጅ ሁሉ ማይክሮፎኑንና ስፒከሩን መርጦ ከጨረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ኬብሉን የትኛውን ልግዛ? ባላንስድ የሚሉት ለምን ተወደደ?» መልሴ አጭር ነው። የምታገናኟቸው ሁለቱም ዕቃዎች ባላንስድ መውጫና መግቢያ ካላቸው ባላንስዱን ግዙ፤ በዚህ አልከራከርም። ሙዚቃው ራሱ በሁለቱም ኬብል አንድ ዓይነት ሆኖ ይሰማል። ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛላችሁ ያ የማያቋርጥ «ምምም» የሚል ጉርምርምታ አለመኖሩን ነው።

ጥያቄው ዘንድሮ የበረታብኝ አንድ ወዳጄ ከገዛው ዕቃ የተነሣ ነው። ከድምፅ ካርዱ ወደ ሁለት የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ስፒከሮች የሚሄዱ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሆኑ ሁለት አንባላንስድ ኬብሎች ገዛ፤ ከትልቁ ጃክ ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ያለባቸውን ማለት ነው። ሰክቶ ሲያበራ ክፍሉ በጉርምርምታ ተሞላ። ሻጩ «ስፒከርህ ተበላሽቷል» አለው። ለጥገና ይዞት ሊሄድ ሲል ደወለልኝና በስልክ ሦስት ነገር አስሞከርኩት። መጀመሪያ የድምፅ ካርዱን መጠን እስከ ዜሮ ዝቅ አደረገ፤ ጉርምርምታው ምንም አልቀነሰም። ይህ ማለት ጉዳዩ ከካርዱ በኋላ ነው። ቀጥሎ ኬብሉን ከስፒከሩ ነቀለ፤ ጸጥ አለ። ስለዚህ ስፒከሩ ጤነኛ ነው። በመጨረሻ ኬብሉን መልሶ ሰክቶ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ነቀለና በባትሪ አሠራው፤ ጉርምርምታው ጠፋ። ለጥገና የሚሄድ አንድም ዕቃ አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው። አንባላንስድ ኬብል ውስጥ መሃል ላይ አንድ ሽቦ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ የመዳብ መረብ ይሸፍነዋል። ድምፁ በመሃሉ ሽቦ ይሄዳል፣ በመረቡ ይመለሳል። መረቡ በዚህ ላይ ሁለቱን ዕቃዎች ከመሬት ሽቦ ጋር ያያይዛል። ቻርጀሩም ስፒከሩም ባለ መሬት ስፒና ስላላቸው በግድግዳው በኩል አስቀድሞ ተገናኝተዋል፤ ኬብሉ ሲሰካ ቀለበቱ ይዘጋል፣ ከኤሌክትሪኩ መስመር የሚያፈተልክ የ50 ኸርዝ ጅረትም በመረቡ መዞር ይጀምራል። መረቡና መገናኛዎቹ አንድ ላይ 0.1 ኦም ቢኖራቸውና 10 ሚሊአምፒር ቢያልፍባቸው 1 ሚሊቮልት ይፈጠራል። በቤት ዕቃዎች ደረጃ ድምፁ ራሱ 300 ሚሊቮልት ገደማ ነው። አንድ ሦስት መቶኛ ትንሽ ይመስላል፤ ዘፈኑ ሲቆም ግን ጆሮ የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ያ 1 ሚሊቮልት በድምፁ መመለሻ መንገድ ላይ ስለተፈጠረ ስፒከሩ ከሙዚቃው የሚለይበት ምንም ዘዴ የለውም።

ባላንስዱ ይህን የሚፈታው ሁለቱን ሥራዎች በመለያየት ነው። በመረቡ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች አሉ። በባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ በኤክስኤልአር ቁጥር 1 መረቡ ነው፣ ቁጥር 2 ድምፁን እንዳለ፣ ቁጥር 3 ደግሞ ገልብጦ ይወስዳል። ተቀባዩ ዕቃ መረቡን ለድምፅ አይጠቀምበትም፤ የሚያየው በ2 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በአንደኛው ላይ 500 ሚሊቮልት፣ በሌላው ላይ ከዜሮ በታች 500 ቢመጣ ልዩነቱ 1,000 ነው። አሁን በሁለቱም ላይ 10 ሚሊቮልት ጉርምርምታ ይጨመር፤ 510 እና ከዜሮ በታች 490 ይሆናሉ፣ ልዩነታቸው ግን ያው 1,000 ነው። በሁለቱም የሚዛን ሳህን ላይ እኩል አቧራ ቢያርፍ ሚዛኑ እንደማያዘነብል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጉርምርምታውን የሚያጠፋው የተገለበጠው ድምፅ ይመስለዋል። አይደለም። ድምፁን በቁጥር 2 ብቻ የሚልኩ፣ ቁጥር 3ን ግን በተመሳሳይ ሬዚስተር ከመሬት ጋር ያገናኙ ብዙ ጥሩ ዕቃዎች አሉ፤ ጉርምርምታን የሚከላከሉትም እኩል ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱ መንገዶች ለኤሌክትሪክ እኩል መሆናቸው ነው። እኩልነቱ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። ተቀባዩ በእያንዳንዱ እግር 10,000 ኦም ቢኖረውና በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ በዝገት ወይም በመጥፎ ብየዳ 10 ኦም ቢጨመር፣ ከጉርምርምታው አንድ ሺህኛ ያህሉ ያልፋል፤ አይሰማም። 100 ኦም ቢሆን አንድ መቶኛ ያልፋል፤ ይህ መሰማት ይጀምራል። መጥፎ ቅጂ ባላንስድ ኬብል ገንዘብ የሚያስጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር መጠማዘዙ ነው። የመዳብ መረብ የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክን ብዙም አያስቆምም፤ ከትራንስፎርመርና ከኤሌክትሪክ ገመድ አጠገብ የሚያልፍን ኬብል የሚያድነው ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተጠማዘው መስኩን እኩል መቀበላቸው ነው። ዘዴው ለሙዚቃ የተፈጠረ አይደለም፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የተጠማዘዘውን ጥንድ ሽቦ ፓተንት ያገኘበት በ1881 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለስልክ ነበር። ስለዚህ «መረቡ ወፍራም ነው» ተብላችሁ ተጨማሪ ስትጠየቁ መጀመሪያ ጥምዝምዙን እዩ።

ወደ ዋጋ እንምጣ። ብር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በድርሻ ላስላው። በሜትር የሚሸጥ ባለ አንድ ሽቦ ኬብል 100 ቢሆን፣ ባለ ሁለት ሽቦው እኔ በምገዛባቸው ሱቆች ከ130 እስከ 150 ይጠየቃል። ለወዳጄ ዓይነት ሥራ 10 ሜትር ያስፈልጋል፤ 1,000 ከ1,500 ጋር መሆኑ ነው። አራቱ ጃኮች ደግሞ ባለ አንድ ቀለበትም ይሁኑ ባለ ሁለት ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ እያንዳንዱን 200 ብንለው በሁለቱም በኩል 800 ይጨመራል። ብየዳው አንድ ነው፣ የሠራተኛውም ዋጋ ያው ነው። ድምሩ 1,800 ከ2,300 ጋር ነው፤ ልዩነቱ ከሩብ በጥቂት ይበልጣል። በአንጻሩ አንባላንስዱን ገዝቶ ኋላ ጉርምርምታውን በትራንስፎርመር ሳጥን ላጥፋ ያለ ሰው፣ ለደህና ሳጥን የሚከፍለው ብቻ ከኬብሉ ሁሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ተሠርቶ የታሸገ ባላንስድ ኬብል እጥፍ ዋጋ ሲጠራበት ግን ግማሹ የጃኩ ወርቃማ ቀለምና የማሸጊያው ነው፤ ተውት፣ በሜትር ገዝታችሁ አስበይዱ።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ነገር። ሁለቱም ጫፉ ኤክስኤልአር የሆነ፣ «ባላንስድ» ተብሎ የሚሸጥ፣ ሲከፈት ግን ባለ አንድ ሽቦ ኬብል የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ቁጥር 3ን በጃኩ ውስጥ ከቁጥር 1 ጋር በትንሽ ሽቦ አገናኝተው ይሸጡታል። ድምፅ ያወጣል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ማንም አይጠረጥረውም። ይህን ለመያዝ በጣም ርካሹ ቴስተር ይበቃል። ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 ጋር ሞክሩ፤ ሦስቱም መጮኽ አለባቸው። ቀጥሎ በአንዱ ጫፍ ላይ ብቻ 1ን ከ2፣ 1ን ከ3፣ 2ን ከ3 ጋር ሞክሩ፤ አንዱም መጮኽ የለበትም። 1 እና 3 ከጮኹ ዋጋውን ከመደራደር መልሳችሁ ስጡት። 48 ቮልት የሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክሮፎን በእንዲህ ያለ ኬብል በትክክል አይሠራም፤ ኃይሉ በሁለቱም ሽቦዎች እኩል መምጣት ሲገባው አንዱ ወደ መሬት ይፈስሳል። በሜትር ስትገዙ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ የተላጠው ሽቦ ከተሳበ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቶሎ ይሰበራል።

ባላንስድ ኬብል ብቻውን ተአምር አይሠራም። አንዱ ዕቃ አንባላንስድ ከሆነ መስመሩ አንባላንስድ ነው። ከዚህ የከፋ ወጥመድም አለ፤ ባለ ሁለት ቀለበቱ ጃክ ለስቴሪዮም ለባላንስድም ያገለግላል። ከስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚመጣ ስቴሪዮ ወደ ባላንስድ መግቢያ በቀጥታ ሲገባ ተቀባዩ ግራውን ከቀኝ ይቀንሳል፤ በሁለቱም እኩል የተቀዳው የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋና ከጀርባ ያለው ብቻ እንደ ጥላ ይቀራል። በሠርግ አዳራሽ «ሚክሰሩ ዘፋኙን በላው» ሲባል መጀመሪያ የምፈትሸው ይህንን ኬብል ነው።

አንባላንስዱን የምመክርበት ቦታም አለ። የጊታር ኬብል ሌላ አማራጭ የለውም፤ መንገዱ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር ካለፈ በመድረኩ ላይ አንባላንስዱን ወደ ባላንስድ የሚቀይር ዲአይ ሳጥን አስቀምጣችሁ ከዚያ ወዲያ በባላንስድ ውሰዱት። ሁለቱ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩና ኬብሉ ከአንድ ሜትር ካልበለጠም ገንዘባችሁን ያዙ።

አንድ ነገር ግን በምንም ዋጋ አታድርጉ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት የስፒናውን የመሬት እግር የሚቆርጡ ወይም በባለ ሁለት እግር ማገናኛ የሚሰኩ አሉ። ይሠራል፣ ጉርምርምታውም ይጠፋል። በዚያው ቅጽበት ግን ዕቃው ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልት ወደ ማይክሮፎኑ ብረት ይመጣል፣ ዘፋኙም ከንፈሩን የሚያስጠጋው እሱ ላይ ነው።

አንባላንስድ መውጫ ያለው ኪቦርድ ወይም ማጫወቻ ይዛችሁ ሚክሰሩ ባላንስድ ከሆነ በዚያው ባለ ሁለት ሽቦ ኬብል ሌላ መላ አለ። በሚክሰሩ በኩል ሦስቱንም እንደ ወትሮው አስበይዱ። በኪቦርዱ በኩል የቁጥር 2ን ሽቦ ከጃኩ ጫፍ ጋር፣ የቁጥር 3ን ሽቦና መረቡን አንድ ላይ ከጃኩ አካል ጋር አስበይዱ። የሚዞረው ጅረት በመረቡ ያልፋል፣ ቁጥር 3 ግን የኪቦርዱን መሬት ብቻ ለሚክሰሩ ያሳየዋል፤ ሚክሰሩም ልዩነቱን ይወስዳል። ሁለቱ መንገዶች ፍጹም እኩል ስላልሆኑ እንደ ሙሉ ባላንስድ ጸጥ አይልም፤ ከተራው ኬብል ጋር ሲነጻጸር ግን ጉርምርምታው በእጅጉ ይቀንሳል፣ ተጨማሪ ወጪውም ያው በሜትር የምትከፍሉት ልዩነት ብቻ ነው።