ለክሊፕ ማይኬ የገዛሁት ፀጉራም የንፋስ መከላከያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይሄን ነገር የገዛሁት ባለፈው ኅዳር ነው። መጠኑ የሎሚ ያህል ነው። ውስጡ ስፖንጅ፣ ውጪው ረጅም ፀጉር ያለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ። ክሊፕ ማይክ ላይ ይጠለቃል። ቪዲዮ የሚሠሩት ልጆች ዴድካት ይሉታል፣ እኛ ቤት ግን «ጥንቸሏ» ነው የምንለው።

የሽማግሌዎችን ታሪክ በድምፅ እቀዳለሁ። አብዛኛው ቀረጻ ደጅ ላይ ነው፤ አውድማ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ አጥር ጥግ። ሰው ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይጠነቀቃል፣ ደጅ ላይ ግን እንደ ልቡ ያወራል። ስለዚህ ንፋስን ሸሽቼ የትም መሄድ አልችልም።

መጀመሪያ የሞከርኩት ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ እዚያ ውጪ ቆሞ ያወራ ሰው ንፋሱን ያውቀዋል። አንድ ባና ሠሪ አባት ጋ ሄጄ ነበር። «አባባ፣ እስቲ ስለ ሱፉ አመራረጥ ያጫውቱኝ» ብዬ ያንኑ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ቀዳሁት፤ ሁለት ደቂቃ ማይኩ ባዶውን፣ ሁለት ደቂቃ ከማይኩ ጋር በመጣው ቀጭን ስፖንጅ፣ ሁለት ደቂቃ በጥንቸሏ። ሳይሰለቹ ሦስቴ ስላወሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ባዶው ላይ ሰውየው ዝም ባሉበት ሰዓት እንኳ የመቅጃው መለኪያ ቀዩን ይነካ ነበር። በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማኝ እንደ ነጎድጓድ ያለ ጉርምርምታ ነው፣ በመሃል ቃላቸው ጠፍቶ ይመለሳል። በስፖንጁ ትንሽ ቀነሰ፤ ቀስ ያለ ንፋስ ሲሆን ደህና ነው፣ ብው ሲል ግን እንደገና ያጉረመርማል። በጥንቸሏ ያው ንፋስ እየነፈሰ የሚሰማው ሩቅ ያለ እፍፍታ ብቻ ሆነ። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ለምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ካላወቅን የማይረባ እንገዛለን። ማይኩ ላይ የምንሰማው ጉርምርምታ ከሩቅ የመጣ የንፋስ ድምፅ አይደለም። እዚያው ማይኩ አፍ ላይ የሚፈጠር ነው፤ አየሩ ማይኩን መትቶ ሲዞርና ሲተራመስ ውስጡ ያለችውን ስስ ሽፋን ይገፋታል። ፀጉሩ አየሩን በአንዴ አያቆመውም፣ ቀስ በቀስ ጉልበቱን ያሳጣዋል፣ ማይኩ ጋ ሲደርስ አየሩ ረግቷል። ንግግር ግን በአየር ውስጥ የሚያልፍ ሞገድ ስለሆነ ፀጉሩን አልፎ ይገባል። በፀጉሩና በማይኩ መካከል ያለው የረጋ አየር ሰፊ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ለዚህ ነው ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ማይኮች ያንን የሚያህል ፀጉራም ነገር የሚለብሱት፣ የእኔዋ የሎሚ ያህሏ ደግሞ ወሰን ያላት።

ወሰኗን አዳማ ላይ አየሁት። የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይን የተተከለበት አገር ነው፣ ንፋሱ ቀልድ አያውቅም። ገላጣ ሜዳ ላይ ቆመን ስንቀዳ ጥንቸሏም አልቻለችም። ከዚያ ተናጋሪዋን ጀርባቸውን ለንፋሱ አዙሬ ከግንብ ኋላ አስቀመጥኳቸው። ሰውነታቸውም ግንቡም አብረው ሲከልሉ ድምፁ ጠራ። አሁን ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ፀሐዩን ሳይሆን ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልጽና። ብዙ ሰው «ኋላ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የንፋስ ጉርምርምታ ዋና ጉልበቱ ታች ነው፣ ወፍራም ድምፅ ላይ፤ ስለዚህ ታችኛውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ብዙውን ያነሳዋል። ነገር ግን ንፋሱ በቀረጻው ሰዓት ማይኩን ወይም መቅጃውን ከአቅሙ በላይ ገፍቶት ከሆነ ያ ድምፅ ተሰብሯል። በዚያች ቅጽበት የነበረው ቃል አብሮ ሄዷል። የምታውቁት ሞገዱን አቅርባችሁ ስታዩ ነው፤ ጫፉ ክብ መሆኑ ቀርቶ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። የደብረ ብርሃኑ ባዶ ቀረጻ እንደዚያ ነበር። ታችኛውን ብቆርጠው ጉርምርምታው ሄደ፣ በቦታው ግን የሚንጫጫ የተሰነጠቀ ድምፅ ቀረ። ጥንቸሏ ለብሳ የተቀዳው ግን በቀላሉ ጸዳ። ለእኔ ዋናው ጥቅሟ ይሄ ነው፤ ንፋሱን ጨርሳ ባታጠፋው እንኳ የቀረው ሊጸዳ የሚችል ሆኖ ይቀራል።

የማጸዳው Audacity በሚባለው ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ሙሉውን ቀረጻ መርጬ `High-Pass Filter` እከፍታለሁ፣ `Frequency` ላይ 80፣ `Roll-off` ላይ 24 dB። ወፍራም ድምፅ ላለው ወንድ ከ80 ብዙም አልወጣም፣ የድምፁ ሥር እዚያው አካባቢ ስለሚጀምር። ለሴት ወይም ለልጅ 100 ወይም 120 ብሄድም ችግር የለውም። አንዴ ቸኩዬ የአንድ አዛውንት ቀረጻ ላይ 200 አድርጌ ሰውየው በድሮ ስልክ የሚያወሩ መሰሉ፣ ደረታቸው ጠፋ። `Noise Reduction` የሚለውን ለንፋስ አልነካውም። እሱ እንደ ፍሪጅ ድምፅ ሳይለዋወጥ ለሚቀጥል ነገር ነው። ንፋስ በየሰከንዱ ይለዋወጣል፣ ውጤቱም ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ይሆናል።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ፣ ወደ «ፓ» ፍንዳታ። ጥንቸሏን ስገዛ ይሄንንም ትፈታዋለች ብዬ ነበር። በከፊል ነው የፈታችው። ይሄ ከውጪ የሚመጣ ንፋስ አይደለም፣ ከአፍ የሚወጣ ነው። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና «ፖሊስ» በሉ፣ አየሩ መዳፋችሁን ይመታል። ከዚያ «ኢትዮጵያ» በሉ። «ጵ» ላይ የሚመጣው አየር በጣም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ጰ፣ ጠ፣ ቀ የሚባሉት ፊደሎች ጉሮሮ ተዘግቶ ነው የሚነገሩት፣ ከሳንባ የሚገፋ አየር የለም። ስለዚህ በአማርኛ ቀረጻ ላይ ፍንዳታው የሚበዛው ከውጭ በመጡት ቃሎች ላይ ነው፦ ፖስታ፣ ፓርቲ፣ ፖለቲካ፣ ፕሮግራም። የገጠር አባት ስለ በግ ሱፍ ሲያወሩ ብዙም አያስቸግርም። የከተማ ሰው ስለ ምርጫ ሲያወራ ግን በየመስመሩ ዱም ዱም ይላል።

ለዚህ ፀጉሩ ሳይሆን አቀማመጡ ነው የረዳኝ። ክሊፑን ደረት ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ገደማ ዝቅ አድርጌ አደርገዋለሁ። ማይኬ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ ዓይነት ስለሆነ አፉን ወደ ታች ገልብጬ ብሰካውም ንግግሩ አይደክምም፤ ከአፍና ከአፍንጫ የሚወርደው አየር ግን ፊት ለፊት አይመታውም። በአንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክ ላይ ግን ይሄን አትሞክሩት። ያ ዓይነቱ በተፈጥሮው ለንፋስም ለፍንዳታም ይበልጥ ስሱ ነው፤ ከአፍ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ይበቃዋል።

የቀረችውን ፍንዳታ በእጅ ነው የማወጣት። ባለፈው ወር አንዲት እናት «ፖስታ ቤት» ሲሉ አንዷ አመለጠችኝ። ሞገዱን አቅርቤ ሳየው ከ«ፖ» መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ትልልቅ፣ ዘገም ያሉ ጉብታዎች አሉ፣ ከዚያ ነው የድምፃቸው ጥቅጥቅ ያለ ሞገድ የሚጀምረው። ጉብታዎቹን ብቻ መረጥኩ፤ 50 ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር። ምርጫው ሞገዱ ዜሮ ላይ እንዲያርፍ `Z` ተጫንኩ፣ አለዚያ መቁረጫው ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ይተዋል። ከዚያ `High-Pass Filter` 180፣ 24 dB። ፍንዳታው ሄደ፣ «ፖ» ግን «ኦ» ሳትሆን «ፖ» እንዳለች ቀረች። ሙሉው ቀረጻ ላይ 180 ማድረግ ስህተት ነው፣ 50 ሚሊሰከንድ ላይ ግን ማንም አይሰማውም።

ስለ ዕቃው ጥንካሬ ደግሞ። አምስተኛው ወር ላይ አንገቷ ላይ ያለው ላስቲክ ላላ። አንዴ ጎንደር መንገድ ላይ ወድቃ አንድ ልጅ ነው ሮጦ ያመጣልኝ። አሁን በክር አጥብቄ ሰፍቻታለሁ፣ ደህና ነች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ፀጉሩ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲጣበቅ አየሩን አይሰብርም፣ ያው ስፖንጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ በሕፃን ማበጠሪያ ሳበጥራት ተመለሰች። ከረጢት ውስጥ ተጨፍልቃ ከከረመችም ከቀረጻ በፊት ማበጠር ያስፈልጋል።

ጋቢ ላይም ተጠንቀቁ። ጋቢው ሲንቀሳቀስ ፀጉሩን ይፈትገዋል፣ ያ ድምፅ እንደ ንፋስ ታች ብቻ ስላልሆነ በማጣሪያ አይወጣም። ሸሚዙ ላይ ሰክቼ ጋቢውን ወደ ትከሻ ገለጥ እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ።

መለዋወጫ ፈልጌ መርካቶ ከጃኬት ኮሌታ ፀጉር አሰፍቼ ነበር። መልኳ ታምራለች፣ ንፋስም ትከላከላለች፣ ድምፁ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለ ሰው ታፈነ። ጥፋቱ የፀጉሩ ሳይሆን የጀርባው ጨርቅ ነው፤ ፕላስቲክ ተቀብቶ ነበር። አሁን ጨርቁን ከመግዛቴ በፊት አፌ ላይ አድርጌ እተነፍስበታለሁ፣ ትንፋሼ በቀላሉ ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ሁለተኛዋን በተጠለፈ ጀርባ አሰፋሁ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ። አሁን የምይዘው እሷን ነው፣ የድሮዋ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ተጠባባቂ ሆናለች።