ነጭ ሸሚዝ ወይስ ክሬም? ከፊት አጠገብ የሚሻለው

ሸሚዝ ልትገዛ የወጣች ጓደኛዬ ሁሉ ፎቶ ልካ «ነጩን ላንሳ ክሬሙን?» ትለኛለች። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሬሙን እላለሁ። ሁሉም ላይ ግን አያምርም።

ከሸሚዝ የሚነጥረው ብርሃን አገጭና ጉንጭ ላይ ያርፋል። ድፍን ነጭ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ማንጫ ኬሚካል አለው። ኬሚካሉ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ ሸሚዙ ደጅ ሲወጣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቆዳዋ ቃና ወደ ቢጫ ወይም ወደ ወርቃማ የሚያደላ ሴት ስትለብሰው ፊቷ አመድ የነካው ይመስላል። ቃናዋ ወደ ሮዝ የሚያደላ ደግሞ በክሬም ትገረጣለች፤ ነጩን ትግዛ።

ጠይም ወይም ቀይ መሆን ይህን አይወስንም። ጠይም ሆና ቃናዋ ወደ ሮዝ የሚያደላ አለች። የእጅን ደም ሥር ቀለም አይቶ ቃናን መፍረዱም ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ እምነት አይጣልበትም።

የሚሻለው በጨርቅ መሞከር ነው። ሜካፕሽን አጽጂ፣ ጸጉርሽን ወደ ኋላ ሰብስቢ፣ በቀን መስኮት ፊት ለፊት ቁሚ። ሁለቱን ሸሚዞች አገጭሽ ሥር እያፈራረቅሽ ያዢ። ሸሚዙን ተይው፣ ፊትሽን እዪ። አንዷ ጓደኛዬ ነጩን ስትይዝ ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላ ጠቆረ፣ የአፏ ዙሪያም ግራጫ ሆነ። ክሬሙን ስትይዝ ጥላው ሳሳ፤ ቀድሞ የታየኝም ሸሚዙ ሳይሆን ፊቷ ነበር። ቢጫ አምፖል ባለበት ሱቅ ውስጥ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ሳትከፍዪ በር ላይ ወጥተሽ እዪው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ነጭ ኮሌታ በላብና በቅባት ቶሎ ቢጫ ይሆናል። በረኪና ሲነካው ደግሞ በተለይ የሚለጠጥ ጨርቅ ይብስበታል፤ ከዚያ ሌላ መግዛት ነው። በርካሽ ያገኘሽው ነጭ ሁለቴ ከተገዛ ወጪው ከክሬሙ ሊበልጥ ይችላል። ክሬም ይህን ነገር ይደብቃል። የክሬም ጠላቱ ሳሙና ነው፦ ማንጫ ያለበት የዱቄት ሳሙና እያጠብሽው በሄድሽ ቁጥር ያነጣዋል። ለባለቀለም ልብስ የተሠራውን ሳሙና ተጠቀሚ።

ርካሽ ክሬም ስትገዢ ኮሌታውን ከእጅጌው ጋር አጋጥመሽ በቀን ብርሃን እዪ። ከሌላ ጥቅል የተቆረጠ ኮሌታ አንዳንዴ ነጣ ብሎ ይገኛል። ፊትሽ አጠገብ የሚውለው ደግሞ እሱ ነውና እንዲህ ያለውን በቅናሽም ቢሆን አትውሰጂ።

የማይስማማሽን ነጭ ገዝተሽ ከሆነ አትጣይው። ላይኛውን ቁልፍ ክፈቺና የሚስማማሽን ቀለም ሻርፕ በአንገትሽና በኮሌታው መሃል አድርጊበት።